አርባ አራትን ለማስከበር የተሠራ ሠንጠረዥ

ሰው የሚኮራበት ነገር አያጣም፤ እኔ የምኮራው በቀይ እስክሪብቶዬ ነበር። መካነ ሰላም ላይ የነርሲንግ ተማሪዎችን ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ወረቀት ለማረም መስፈርት አስፈልጎኝ አያውቅም። ወረቀቱን ገለጥ አድርጌ አየዋለሁ፣ ቁጥሩ ራሱ ይመጣልኛል። ይህንንም ለተማሪዎቼ በኩራት እነግራቸው ነበር። እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙኝ ነበር፤ ሌላ ምን ያድርጉ።

ለተመራቂዎች በየዓመቱ አንድ የታማሚ ታሪክ እንሰጥና ነርስ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ ብለን እናስጽፋቸዋለን። ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከዓመት ዓመት የምቀይረውም የታማሚዋን ዕድሜ ብቻ ነው። ዘንድሮ ሃምሳ ስምንት ሞልቷቸዋል። ገበሬ ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። በሁዳዴ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጎረቤት ደግፎ ሆስፒታል ያመጣቸዋል። አልቧቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይዘባረቃል። የጠዋቱን መርፌ እንደ ወትሮው ወግተዋል። የደም ስኳራቸው ሲለካ እጅግ ወርዶ አርባ ስምንት ሆኗል። ሁዳዴን ያስገባሁት ታሪኩ ትንሽ የአገር ለዛ እንዲኖረው ብዬ ነበር።

ወረቀቱን ሁለት ሰው ያርመዋል፤ አንዱ እኔ፣ ሌላዋ በሆስፒታሉ ተማሪዎቹን በተግባር የሚያሠሩት አንጋፋ ነርስ። ሁሉም ሲስተር ነው የሚሏቸው፤ እኔም እንደዚያው። እኔ ለአንዲት የወረኢሉ ልጅ ወረቀት አርባ አራት ሰጠሁ። ሲስተር ለዚያው ወረቀት ሰባ ስምንት ሰጡ።

ማለፊያው ሃምሳ ነው። ኮርሱ እንደገና የሚሰጠው በዓመቱ ስለሆነ፣ ልጅቷ ከወደቀች ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እሷ ወረኢሉ እናቷ ቤት ቁጭ ብላ የሚቀጥለውን ዓመት ትጠብቃለች ማለት ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ጠራኝ። ኃላፊው የድሮ ተማሪዬ ነው። በእኔ እጅ ስድሳ ሁለት አግኝቶ እንዳለፈ ሁለታችንም እናስታውሳለን፤ አንሥተነው ግን አናውቅም።

«መምህር፣ ያያችሁት አንድ ወረቀት ነው?» አለኝ በትሕትና።

«አንድ ነው» አልኩት።

«ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ አማካይ አንወስድም። ሩብሪክ፣ ማለትም የማረሚያ መስፈርት፣ ይሠራና በእሱ ሁለታችሁም እንደገና ታርማላችሁ። እርስዎ ቢሠሩት ደስ ይለኛል።»

ደስታው የእኔ ነበር። በዚያች ቅጽበት ሩብሪክ ማለት የእኔ አርባ አራት በሠንጠረዥ መልክ ሲቀመጥ ማለት ነው ብዬ ነው የገባኝ። በማግሥቱ ከሰዓት በፊት ጨረስኩት። አምስት መስፈርት በአምስት ረድፍ፣ አራት የብቃት ደረጃ በአራት ዓምድ፤ እያንዳንዱ ረድፍ ሃያ ነጥብ። መረጃ አሰባሰብ፣ ችግር ልየታ፣ እቅድ፣ ክንውን፣ የመጨረሻው ደግሞ ጽዳትና አቀራረብ። ደረጃዎቹ «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ» እና «ደካማ» ይባላሉ። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥም ማብራሪያ አለ፦ እጅግ በጣም ጥሩ የሆነ መረጃ ሰብስቧል፣ በጣም ጥሩ የሆነ መረጃ ሰብስቧል፣ እያለ ይወርዳል። አሳትሜ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ፣ ሲስተር ዘንድ ይዤ ሄድኩ።

ሲስተር ከሴቶች ክፍል አጠገብ ባለችው ጠባብ ቢሯቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የመድኃኒት ካርድ ያገላብጡ ነበር። ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ያምራል» አሉ። «በ‹እጅግ በጣም ጥሩ› እና በ‹በጣም ጥሩ› መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?»

«‹እጅግ› የተጨመረበት ነው» አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ነው የሰማሁት።

«አብሽር። እንሞክረዋ።»

የልጅቷን ወረቀት አወጡና ሁለታችንም በየራሳችን በዚያ ሠንጠረዥ አረምነው። እኔ አርባ አራት፣ እሳቸው ሰባ ስምንት። አንድም ነጥብ አልተነቃነቀም። እኔ በየረድፉ «ደካማ»ን ከበብኩ፣ እሳቸው «በጣም ጥሩ»ን። ከአሁን በፊት ያለ ሠንጠረዥ እንጣላ ነበር፤ አሁን በሠንጠረዥ ተጣላን።

«ጣቴን የማሳርፍበት ነገር ጻፍልኝ» አሉ ሲስተር። «‹ጥሩ› ላይ ጣት አያርፍም። ‹መጨረሻ የበሉት ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቃለች› ስትለኝ፣ ወረቀቱ ላይ እፈልገዋለሁ፤ ወይ አለ፣ ወይ የለም።»

ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ተከራከርን። መረጃ አሰባሰብ የሚለው ረድፍ ታርሶ ተገለባበጠ። ከፍተኛውን ደረጃ የሚያገኘው አራት ነገሮች የጻፈ ሆነ፦ መጨረሻ የበሉበትን ሰዓት፣ የወጉትን መጠንና ሰዓት፣ የንቃታቸውን ሁኔታ፣ መዋጥ መቻላቸውን። ሦስቱን የጻፈ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱን የጻፈ ሌላ አንድ፤ ከዚያ በታች የሆነ ወይም ታሪኩን መልሶ የገለበጠ የታችኛውን ያገኛል። ጽዳትና አቀራረብ ከሃያ ወደ አምስት ወረደ። ለእሱ ብቻ ሁለት ቀን ተሟግቻለሁ። ሲስተር ግን ቀድሞ ያረምኩትን ወረቀት ገልጠው በየረድፉ የጻፍኩትን አሳዩኝ። መረጃ ላይ «ዝርክርክ»፣ እቅድ ላይ «ዝርክርክ»፣ ክንውን ላይም «ዝርክርክ»። ልጅቷን በእጅ ጽሑፏ አምስት ጊዜ ቀጥቻታለሁ።

በመጨረሻ ሲስተር የታማሚ ደኅንነት የሚል ረድፍ ይጨመር አሉ። የማታው ኢንሱሊን ከመሰጠቱ በፊት ስኳሩ ተለክቷል? ምግብ መብላታቸው ተረጋግጧል? መጠኑ ይስተካከል እንደሆነ ለሐኪም ተነግሯል? በዚህ ረድፍ የታችኛውን ደረጃ ያገኘ፣ ጠቅላላ ድምሩ ዘጠና ቢሆን እንኳ አያልፍም። ይህን ወዲያው ተቀበልኩ። መጣል የሚያስችል ነገር አልጠላም።

ከዚያ ሙከራ አደረግን። ሲስተር አምስት ወረቀት መርጠው ስም ሸፈኑ፣ ቁጥር ሰጡ፤ የአንዳችንን ነጥብ ሌላው ሳያይ ለየብቻ አረምን። ቁጥር ሦስትን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ። የእጅ ጽሑፉ ያምራል፣ ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፣ ቋንቋው የእኔን ይመስላል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመልስ ቁልፌ ከተመራቂ ወደ ተመራቂ እየተላለፈ የግማሹ ክፍል መልስ የእኔን መምሰል ከጀመረ ቆይቷል። እኔም ይህን የማስተማሬ ፍሬ አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

ግን ጣት ማሳረፍ አለብኝ። መጨረሻ የበሉት ስንት ሰዓት ነው? የለም። ማታ መርፌው ሲሰጥ ስኳር ተለክቷል? «በታዘዘው መሠረት ኢንሱሊን መስጠት» ይላል፤ ሌላ ነገር የለም። ትምህርቱ ላይ ደግሞ «ታማሚዋ ኢንሱሊናቸውን አንድም ቀን ሳያቋርጡ በሰዓቱ እንዲወጉ ማስተማር» ተብሏል። በሁዳዴ፣ እህል ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆዩ ሴት። የጣላቸው እኮ በባዶ ሆድ የወጉት ኢንሱሊን ነው። ተናደድኩ። ደኅንነት ላይ የታችኛውን ደረጃ ከብቤ፣ ዳር ላይ በቀይ «ይህን የጻፈ ሰው ታማሚ አናግሮ አያውቅም» ብዬ ጻፍኩ። ድምሩ አርባ ሰባት መጣ።

ቁጥር አምስት የወረኢሏ ልጅ እንደሆነ ከስርዙ አወቅሁ። ዝርክርክነቱ አልተለወጠም፤ ከአምስቱ አንድ ሰጠኋት፣ አላዘንኩላትም። ነገር ግን ዳር ላይ፣ በቀስት፣ ከገጹ ጠርዝ ሊወድቅ የደረሰ ጽሑፍ ነበር፦ «ሁዳዴ ነው። ጾመው ይሆን? መቼ በሉ? መቼ ወጉ?» ቀጥሎ፦ «መዋጥ ከቻሉ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ከዐሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ዳግም መለካት፤ ካልቻሉ በአፍ ምንም አይሰጥም፣ በደም ሥር ግሉኮስ።» ከታችም፦ «የንስሐ አባታቸው ይጠሩ፤ እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም፣ እሳቸው አትጹሚ ካሏቸው ይሰማሉ።» መጀመሪያ ሳርም ኅዳጉን አላነበብኩም። ኅዳግ ላይ መጻፍ ክልክል ነው ብዬ ነበር የማስተምረው።

ነጥባችንን አገናኘን። ቁጥር አምስት፦ እኔ ሰባ አንድ፣ ሲስተር ሰባ አራት። ቁጥር ሦስት፦ እኔ አርባ ሰባት፣ ሲስተር አርባ አምስት፤ ሁለታችንም ደኅንነት ላይ ጥለነዋል።

«የሦስቱ ማን ነው?» አልኩ። «ቢሮ ላስጠራው።»

ሲስተር መሳቢያቸውን ሳቡና በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ከርጅና የለሰለሰ ወረቀት ፊቴ አኖሩ። የእኔ የመልስ ቁልፍ ነበር። ቃል በቃል በእጃቸው ገልብጠው ከተማሪዎቹ ጋር ቀላቅለውታል።

«አብሽር» አሉኝ ደግመው። ሳቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ አየኋቸው፤ አልተሳካላቸውም።

የነጥብ ማስተካከያ ቅጹን ለመሙላት ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ምክንያት የሚል መስመር አለው። ድሮ ተማሪዬ የነበረው ኃላፊ አዘነልኝና «ሰው ሁሉ ‹የድምር ስሕተት› ብሎ ነው የሚሞላው» አለኝ። ድምሬ ልክ ነበር፤ የድምር ሰው ነኝ። «አራሚው ወረቀቱን ሙሉውን አላነበበም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አንብቦ፣ መልሶ አነበበው። ስድሳ ሁለቱን እያሰበ ይሆናል።

ልጅቷን አስጠርቼ ማለፏን ነገርኳት። በሩ አጠገብ ቆማ ሰማችኝ። እንድትደሰት ጠብቄ ነበር፤ ደነገጠች እንጂ የተደሰተችም አትመስል። ስለ ጾሙ እንዴት ልታስቢ ቻልሽ አልኳት።

«እናቴ ስኳር አለባት፣ መምህር። በረመዳን ልክ እንደዚህ ሆና ወድቃ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ስኳር አጠጥተዋት ተሻላት። ስንወጣ ነርሷ ጥሩ አድርጋ መከረቻት፤ ደግሞ ደግ ልጅ ናት። በሳምንቱ እንደገና ወደቀች። አሁን አልሐምዱሊላህ ደህና ናት።»

«ምን ብላ መከረቻት?»

«‹ኢንሱሊንዎን አንድም ቀን ሳያቋርጡ በሰዓቱ ይውጉ› ነው ያለቻት።»

ነርሷ የት እንደተማረች አልጠየቅኋትም። ዓረፍተ ነገሩን አውቀዋለሁ፤ የመልስ ቁልፌ አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች ሁለተኛው መስመር ነው። አፍሬ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመርኩ። በእኔ እጅ ለዓመታት ሙሉ ነጥብ ሲያገኝ የኖረ መልስ ነው።