ሹፌር የሌለው አይሱዙ

እኔ ሥዕል አልችልም። ላም ስስል ውሻ ይሆንብኛል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼም ይህን ያውቃሉ፣ ጠመኔ ባነሳሁ ቁጥር ገና ሳልጀምር መሳቅ ይጀምራሉ። እንዲህ ያለች መምህርት የሥዕል ክፍለ ጊዜ አስተማሪ ትሆናለች ብሎ ማን ያስባል?

ነገሩ የመጣው ቢቸና የማስተምርበት ትምህርት ቤት በጸጥታው ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ነው። በሩ ሲከፈት ልጆቹ ተመለሱ፣ ግን የማውቃቸው ልጆች አልነበሩም። አንዱ ልጅ በር በኃይል ሲዘጋ ዴስክ ሥር ይገባል። ሌላዋ ስሟን ስጠራ ያለ ምክንያት እንባዋ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እጮኻለሁ፣ ከዚያ ቢሮ ገብቼ ራሴ አለቅሳለሁ።

በዚያ ሰሞን ለመምህራን አጭር ሥልጠና አለ ተብሎ ወደ ተወለድሁባት ወደ ሞጣ ተላክሁ። ያሠለጠነችን አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ነበረች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ቀልዷ ደረቅ። «ወረቀትና ቀለም ስጧቸው፤ ከዚያ አፋችሁን ዝጉ» አለችን። መሳል ያልፈለገ አይገደድም። ማርክ አይሰጥም። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። «ስለ ሥዕልሽ ልትነግሪኝ ትፈልጊያለሽ?» ብለን እንጠይቃለን፣ አልፈልግም ካለች እንተዋለን። እርሳሳችንን በልጅ ሥዕል ላይ አናሳርፍም። ከበድ ያለ ነገር ካየን ለቤተሰብ እንነግራለን፣ ካስፈለገም ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን። «እናንተ በሩን ትከፍታላችሁ እንጂ ቤቱን አትበረብሩም» አለች። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ስንት ዓመት ያስተማርሁ ሰው ልጅ አያያዝ ልማር?

ቅሬታዬን አንድ ልጅ አወጣልኝ። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ጥቁር በጥቁር አደረገው። ምን ያህል ኀዘን ቢሸከም ነው አልሁ በሆዴ። ጎንበስ ብዬ ልትነግረኝ ትፈልጋለህ ወይ ስለው ቀና ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ ሌላውን ቀለም እኮ እነሱ ጨረሱት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሥዕል መተርጎም እርም አልሁ።

ግን ሠራ። ዴስክ ሥር የሚገባው ልጅ ዴስኩንና ከሥሩ የተጠቀለለውን ራሱን ሳለ። አልጠየቅሁትም። በሌላ ቀን ያንኑ ዴስክ ደግሞ ሳለውና ከጎኑ ጓደኛውን ጨመረ። ከዚያ ራሱ መጥቶ «ከሳልሁት በኋላ ሌሊት አይመጣብኝም» አለኝ። የሚመጣበት ምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ሥዕል በጨረስን ቁጥር ወረቀቱን ሰብስበን እጃችንን ታጥበን ሜዳ ወጥተን እንጫወት ነበር፣ የተከፈተ ልብ ይዘው ወደ ቤት እንዳይሄዱ። ርእሰ መምህሩ ለወላጆች ቀን ሥዕሎቹን እንለጥፍ ብለው ሲለምኑኝ እምቢ አልሁ፣ ተኮራረፍን።

ከተማሪዎቼ አንዷ ሁልጊዜ የምትስለው አይሱዙ ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እናቷ ለመውለድ ሞጣ ወደ ራሷ እናት ቤት ሄዳ ሁለተኛ ሴት ልጅ ተገላግላ አራስ ናት፣ ልጅቱ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ቢቸና አክስቷ ቤት ቀርታለች። አባቷ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር በትምህርት ቤቱ በር ቆም ብሎ ጡሩምባ ይነፋላት ነበር። ክፍሉ በሙሉ «መጣልሽ!» ይላል።

ከደጀን ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት መኪናው ተገልብጦ ሞተ።

ከተማው ሁሉ ሰማ፣ ከልጅቱና ከእናቷ በስተቀር። አስከሬኑ የተቀበረው ከቢቸና ወጣ ብሎ በተወለደበት ገጠር ባለ ቤተ ክርስቲያን ነው። አራሷ ወተቷ ይደርቃል፣ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና እስክትነሣ መርዶው ይቆይ ተባለ። ልጅቱ ካወቀች ደግሞ በስልክ ለእናቷ ትነግራለች። ስለዚህ ሁለቱም «መተማ ጭነት ይዞ ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም» ተባሉ። አክስቷ ጥቁሯን ጎረቤት ቤት እያወለቀች ነበር ወደ ቤት የምትገባው። ወላጆች ልጆቻቸውን አፋችሁን ያዙ ብለው አስጠነቀቁ። የኛ አገር መርዶ አያያዝ እንዲህ ነው፣ ያደግሁበት ስለሆነ ክፋት አልታየኝም።

እሷ ግን መሳሏን ቀጠለች። ጎማው በጥንቃቄ፣ ሸራው በአረንጓዴ፣ ከላይ የተጻፈው የመድኃኔዓለም ስም ሳይቀር። ሹፌሩ ብቻ የለም። በፊት እጁን በመስኮት አውጥቶ የሚያውለበልብ ጢማም ሰው ይኖር ነበር። አሁን ጋቢናው ባዶ ነው። ልትነግሪኝ ትፈልጊያለሽ ስላት በእምቢታ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔም እተዋለሁ።

አንድ ቀን ሁሉም ለመታጠብ ሲወጡ ወረቀቷን ይዛ መጣች። እርሳሱን ወደ እኔ ዘረጋችና «ቲቸር፣ ሹፌሩን እርስዎ ይሳሉልኝ» አለችኝ።

እኔን፣ ላም መሳል የማልችለውን! እጄ ሊዘረጋ ምንም አልቀረውም። ጢም ማድረግ ምን ይከብዳል? ብስለው ግን ይመጣል ማለቴ ነው፣ ለዚያች ልጅ በእርሳስ መዋሸት ነው። እርሳሱን ዝም ብዬ ብመልስላት ደግሞ መርዶውን ነገርኋት ማለት ነው።

«ሥዕሉ ያንቺ ነው፣ እኔ እጄን አላስገባበትም» አልኋት።

«ስለማይመጣ ነው?»

«አባትሽ በጣም እንዳሳሰበሽ ይታየኛል። ይህን የሚነግሩሽ የቤተሰብሽ ሰዎች ናቸው። እንደጠየቅሽ ዛሬውኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ፊቴን መረመረችው። «ይጠይቁልኝ እሺ» አለች። ሌሎቹ ወደሚጫወቱበት አልሄደችም፣ እኔም አልተነሣሁም። ደወል እስኪደወል አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

ከትምህርት ስወጣ በቀጥታ አክስቷ ቤት ሄድሁ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እትዬ ነው የምላት።

«ምነውሳ መምህርት፣ በደኅና ነው?»

«እትዬ፣ ልጅቱ አውቃለች። የቀራት የሚነግራት ሰው ብቻ ነው።»

«ማን ነገራት?» ብላ ደረቷን ያዘች።

«ማንም። ብቻዋን ይዛው ነው ያለችው። እባክዎ አይዘግይባት።»

አክስቷ መደቡ ላይ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ወንድሟ ነው እኮ፣ እሷም በወጉ አላለቀሰችለትም። ከዚያ እጄን ያዘች። «አንቺን ትወድሻለች። በዚያ በሥዕሉ አድርገሽ አንቺው ንገሪልን። እኔ ፊቷን እያየሁ አልችልም።»

ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ግን ደስ አለኝ። እንደምትፈልገኝ፣ ከእኔ ሌላ የሚችላት እንደሌለ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥሁት፣ በራሴ ነው የደነገጥሁት። እንድትስል የሰጠኋትን ወረቀት መርዶ ላደርገው ነው? ነገ ቀለም ባነሳች ቁጥር ምን ልታይ?

«አልነግራትም እትዬ» አልሁ። «ስትሰማ የሚያቅፋት ዘመድ ነው የሚያስፈልጋት። እኔ እኮ ማታ ወደ ቤቴ የምሄድ ሰው ነኝ።»

ተቀየመችኝ። «ለካ ሥዕሉ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው» አለችኝ። አዎ፣ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር። የንስሐ አባታቸው ዘንድ አብረን ሄድን። ቄሱ ጺማቸውን እያሻሹ፣ አራሷ አርባ ቀን አልፏታል፣ ልጅን በጥርጣሬ ማቃጠል ኀጢአት ነው፣ ሞጣ ወርዳችሁ እናትና ልጅ አንድ ላይ ይስሙ አሉ። ሞጣ ላለችው ነርስም ደወልሁ። «ሞተ ይበሏት» አለችኝ፣ «ተኝቷል፣ ርቆ ሄዷል አይበሏት፤ ልጅ ተኝቷል ከተባለ እስኪነቃ ይጠብቃል።» ይህንኑ ለአክስቷ ነገርሁ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሰዎች ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ አራሷ ቤት ገቡ። እኔ ወላጆቼ ቤት አድሬ ሄጄ በሩ አጠገብ ቆምሁ። እናትየዋ የሰዎቹን አገባብ እንዳየች ገና ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮኸች። ሕፃኗን ከእቅፏ ተቀበሏት። አክስትየዋ ከቢቸና ይዛት የመጣችውን ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ አልችልም ያለችው ሰው፣ ፊቷን እያየች «አባትሽ ሞቷል የኔ አካል። መኪናው ተገልብጦ ሞተ። አይመለስም» አለቻት።

አላለቀሰችም። ቤቱን የሞላውን ሰው ፊት አንድ በአንድ አየች። እኔ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ለጥቂት ጊዜ አሳርፋ አነሣች። አብሬያት ልቀመጥ ፈለግሁ፣ ግን አክስቷ አጥብቃ ይዛታለች። እኔ በቆምሁበት ቀረሁ።

ከሳምንታት በኋላ ጠጉሯን ተላጭታ ወደ ክፍል ተመለሰች። ወረቀት ሳድል አልፈልግም ትላለች፣ እኔም አልፋታለሁ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ከክፍል ሳትወጣ ቀረችና ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«ቲቸር፣ አባቴ የተቀበረ ዕለት እኔ የት ነበርሁ?»

«እዚሁ፣ ትምህርት ቤት።»

«እርስዎስ?»

አሞኝ ነበር ማለት ይቻል ነበር። «ቀብሩ ላይ» አልሁ።

«ብዙ ሰው ነበር?»

«ብዙ። ሹፌሮችም መጥተው ነበር።»

«አለቀሱለት?»

«አለቀስንለት።»

«እርስዎ የቀሩ ዕለት ተኪ መምህር ገብቶ ሜዳ አስወጣን» አለች። «ገመድ ዝላይ ሁሉንም አሸነፍሁ። አባቴ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልሁ።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔም አብሬያት አለቀስሁ።