የባለቤቴ አካፋና የአባቴ ሳጥን

ባለቤቴ ሥጋ ሻጭ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ልኳንዳ ቤቱን ቆልፎ እስከ ፋሲካ ቤት ይውላል። ሥራ የፈታ ሥጋ ሻጭ ቤት ሲውል ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። የድስት ክዳን ይከፍታል፣ ሽሮው ቀጥኗል ይላል፣ የተዘረጋ ልብስ እንደገና ያሰጣል። በዚያ ዓመት ግን ከከተማው ዳር፣ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባገኘነው ቦታ ቤት ልንሠራ ነበርና ራሱን ለአባቴ ተለማማጅ አድርጎ ሰጠ። እኔም ደስ አለኝ። ሽሮዬ ተረፈ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ሲገነባ የኖረ ግንበኛ ነው። ከእሱ ጋር መንገድ መሄድ ፈተና ነው። በየሰው ግድግዳ ፊት ይቆምና ስንጥቁን በጣቱ እየተከተለ ባለቤቱ እስኪወጣበት ድረስ ይመራመራል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ሰው ሲያለቅስ እሱ የሟችን ቤት ማዕዘን ያያል። እንግዲህ ሁሉን አውቃለሁ የሚሉ ሁለት ወንዶች አንድ ጉድጓድ አጠገብ ተገናኙ።

መሬታችን ዋልካ ስለሆነ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ተቆፈረ። ምሰሶዎቹ የሚቆሙባቸው ጉድጓዶች ሲያልቁ አባቴ ፌሮውን ራሱ አስሮ አስቀመጠ። ቀጥሎ ከጣውላ አንድ ሳጥን ሠራ፤ ውስጡ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ልክ የሚይዝ፣ በግራና በቀኝ እጀታ ያለው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር፣ ሳጥኑም ከአፉ ላይ በጣውላ ተጠርጎ ልኩን ይሁን አለ። ውሃውም እንዲሁ በጀሪካን ተለክቶ እንጂ በጎማ አይለቀቅም። ባለቤቴ እሺ እያለ ራሱን ነቀነቀ። ራሱን መነቅነቅ ይችልበታል።

በማግስቱ ይጁቤ ያለ ዘመዳችን አረፈና አባቴ ወደ ለቅሶ ሄደ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጉድጓዶች ባለቤቴ ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር እንዲሞላ ተነገረው። ከሰዓት በኋላ፣ ጾሙን ሊፈታ ሲል፣ ምሳውን ይዤ ሄድኩ። ሳጥኑን አገኘሁት። ባለቤቴ ተቀምጦበታል።

ለምን እንደማይሰፍርበት ስጠይቀው ሣቀብኝ። ኪሎ ሥጋ በዐይኑ የሚቆርጥ ሰው አሸዋ በሳጥን ሲሰፍር ቢታይ መሳቂያ እንደሚሆን አስረዳኝ። አካፋውን እየቆጠረ ነው የሚጥለው፤ ያም ልኬት ነው። ብርቱካናማው ጎማ በበኩሉ እንደ እባብ ተጋድሞ አርማታው ላይ ውሃ ያፈስሳል። አርማታው ቀጥኖ ወደ ጉድጓዱ በራሱ ይወርዳል፤ ሠራተኞቹም መግፋት ስላላስፈለጋቸው ደስ ብሏቸዋል። እውነት ለመናገር ለእኔም ለስላሳ ሆኖ ቆንጆ መሰለኝ።

አባቴ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከለቅሶ ሲመለስ ቤት እንኳ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ጉድጓዶቹ ወረደ። ከኪሱ ምስማር አወጣና የመጀመሪያውን መሠረት ፊት ጫረው። ምስማሩ ተንሸራተተ። ሁለተኛውን ሲጭር ነጭ ዱቄት ተነሣ። ሦስተኛው ላይ ምስማሩ ቦይ አወጣ። ከዚያ ማርቴሎ አስመጥቶ የሦስተኛውን ጥግ መታው። ጥጉ ወደቀ። የወደቀውን አንሥቶ ለባለቤቴ አቀበለው። ጠጠሮቹ ከአሸዋው ውስጥ ንጹሕ ሆነው ይነቀላሉ፤ ሲሚንቶ የነካቸው አይመስሉም።

ባለቤቴ ሲሚንቶው ጥሩ አልነበረም አለ። አባቴ ከአንድ መኪና የወረደ ሲሚንቶ እንዴት አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ጥሩ፣ ሌላው ውስጥ መጥፎ እንደሚሆን ጠየቀው። ባለቤቴ ስለ ፀሐይዋ አንድ ነገር ተናገረ። አባቴ አካፋውን አምጣ አለው።

ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠና በአሸዋ እንዲሞላ አዘዘው፤ እየቆጠረ። ባለቤቴ በጠዋት ጉልበቱ እየከመረ ሞላው። ከዚያ ጠጠሩን ከሥፍራ ሥፍራ እያጋዘ እንዲውል አደረገው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ባለቤቴ እህል ውሃ ሳይቀምስ አካፋውን እንደ ምርኩዝ ሲደገፍ፣ እንደገና ሳጥኑን እንዲሞላ ጠራው። በዚያው ቁጥር ሳጥኑ ገና ጎዶሎ ነበር። በጠጠር ሲሞክረው ደግሞ ባሰ፤ ጠጠር ከባድ ነው፣ አካፋ አይገባለትም፣ የደከመ ሰው ጫፉን ብቻ ይዞ ይነሣል።

«እየው፤» አለ አባቴ፣ «አካፋህ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደለም። ሲደክምህ ጠጠሩን አሳነስክ፣ የጎደለውን ከቁጥር በላይ በሚቀልህ አሸዋ ሞላህ። ማገላበጡ ሲከብድህ ውሃ ጨመርክ። ሲሚንቶው ማጣበቂያ ነው። አሸዋ ሲበዛበት ለሁሉም አይዳረስም። ውሃው ደግሞ ደርቆ ሲሄድ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል።»

ባለቤቴ የመጀመሪያው መሠረት ግን ጠንካራ መሆኑን አስታወሰው። እንደ ምስክር ነው ያቀረበው።

«እሱማ ጠዋት የሞላኸው ነው። አንዱ እግር ብረት፣ ሌላው እግር ዱቄት ሆኖ ቤት ይቆማል? ጭነቱ ደካማውን ያደቀዋል፣ ግድግዳህም ለሁለት ይሄዳል። ለመሆኑ ልኳንዳህ ውስጥ ሚዛን ለምን ሰቀልክ?»

«ሰው አያምንማ፣ አባባ። እርስዎም ያውቁታል።»

«ደግ። ሰውስ ቢያንስ ይጠይቅሃል። መሬት አይጠይቅህም፤ ዝም ብሎ ይጠብቅሃል።»

ከዚያ ሁለቱን ደካማ መሠረቶች አፍርሰህ አውጣ አለው። ሠራተኞቹን አሰናበታቸው፤ ያፈሰሰው ያውጣው ብሎ። ባለቤቴ ማርቴሎውን ይዞ ጉድጓድ ውስጥ ወረደ። ደካማ ነው የተባለው አርማታ ለመፍረስ ሲሆን ያን ያህል ደካማ አልነበረም፤ በፌሮው መካከል ተጣብቆ አስቸገረው። መንገድ አላፊው ሁሉ ይቆማል። ደንበኞቹም ነበሩበት። አንዱ፣ ልኳንዳው ሲከፈት አጥንት አደራ ብሎት ሄደ። እኔ ያን ሁሉ ሲሚንቶ ለማግኘት የተሰለፍኩትን ሰልፍ እያሰብኩ መሣቅና ማልቀስ ተደባለቀብኝ። ማታ እጁ ውሃ ቋጥሮ እንጀራ መቁረስ ሲያቅተው ግን አዘንኩለት። አጎረስኩት። ሽሮው ቀጥኗል አላለም።

አባቴ የተጣመመውን ፌሮ አቅንቶ እንደገና ካሰረ በኋላ መሙላቱ ተጀመረ። በዋዜማው ሌሊት የበልግ ዝናብ ጥሎ አሸዋው ረጥቦ ነበር። ባለቤቴ አሁን ታዛዥ ሆኖ ጀሪካኑን እንደ ታዘዘው እስከ ምልክቱ ሞልቶ መጣ። አባቴ እፍኝ አሸዋ አንሥቶ ጨመቀና እጁን አሳየው፤ መዳፉ ረጥቧል። አሸዋው ራሱ ውሃ ይዞ መጥቷል፣ ከጀሪካኑ ቀንስ አለው። የረጠበ አሸዋ ስለሚነፋ ሳጥኑንም ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲሰፍር ነገረው። ባለቤቴ ልኬት ከተባለ ልኬት ነው ብሎ ሊከራከር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አርማታው ሲወጣ ወፍራም ነበር፤ በአካፋ ተገፍቶ፣ በብረት ተጠቅጥቆ ገባ። ከዚያ በኋላ ጆንያ አልብሰነው ጠዋት ማታ ውሃ ማጠጣት የእኔ ሥራ ሆነ። አባቴ በየቀኑ እየመጣ ጆንያው ደርቋል እያለ ይነዘንዘኛል። ደርቆ አያውቅም።

ፋሲካ ደረሰና ባለቤቴ ወደ ሥጋው ተመለሰ። ምሰሶዎቹን፣ ብሎኬቱንና ጣራውን አባቴ ከሌላ ግንበኛ ጋር ጨረሰ፤ ክረምት ሊገባ ሲል ገባን። የበሮቹ ቀለም እስከ ዛሬ አልተቀባም። አባቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ይመጣል፣ ሳሎኑን ይዞርና ልስኑ የተጣመመበትን ቦታ ለባለቤቴ ያሳየዋል። ልስኑን የሠራው ያ ሌላው ግንበኛ ነው፤ ይህንንም በየሳምንቱ እንሰማለን።