የአሥራ ዘጠነኛው ካርድ ሁለት ጫፎች

ሳዮራ ለዲፕሎማ የቀራትን የሒሳብ ፈተና ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ልትፈተን ፐንጂከንት ከተማ የገባችው በጥር፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሁለቴ ወድቃለች። ሁለቴ የወደቀ ሦስት መምህራን ፊት ቀርቦ በቃሉ ይመልሳል፤ እዚያም ከወደቀ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሙ ይሰናበታል። ሴትዮዋ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከወንዙ ማዶ ባለች መንደር ውስጥ አምስተኛ ክፍልን አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች፣ ያውም ያለ ዲፕሎማ። አስተማሪ ጠፍቶ ለሁለት ሳምንት ብቻ እርጂን ተብላ ገብታ በዚያው ቀረች። አሁን ግን ከመጪው መስከረም ወዲያ ዲፕሎማ የሌለው ክፍል አይገባም ተባለ። አለቀ። ወይ ዛሬ ታልፋለች፣ ወይ ክፍሏን ለሌላ ሰው ታስረክባለች።

ጠዋት አማቷ ቅቤ የገባበት የወተት ሻይ ቀድተውላት ነበር፤ አንድ ጉንጭ እንኳ አልወረደላትም።

ኮሪደሩ ላይ እንደሷ እየሠሩ የሚማሩ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሹፌሩ፣ የጤና ጣቢያ ጸሐፊዋ፣ የልጅ ልጅ ያየው የፖስታ ቤት ሰውዬ ሁሉ አለ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ አንድ አመል አላቸው። ጥያቄው የሚወጣው ከሠላሳ ካርዶች አንዱን በመሳብ ስለሆነ፣ ሒሳቡን ከመማር ይልቅ የካርዶቹን መልስ ከየዓመቱ ተማሪ እየተቀባበሉ መሸምደድ ይቀላቸዋል። እኔ ብሆን አፍር ነበር፤ እነሱ ግን እንደ ጸሎት ነው የሚደግሙት። በተለይ አሥራ ዘጠነኛው ካርድ የሁሉም ምኞት ነበር። «አንድ ይገባል፣ አምስት ይቀራል» ማለት ብቻ ነው። ሳዮራም ሸምድዳዋለች፤ ምን ታድርግ።

ተጠራች። በሩ ፊት ለፊት ሦስቱ መምህራን ተቀምጠዋል። መሐል ያሉት ሰብሳቢው፣ መምህር ቱራኩሎቭ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አለመሳቃቸው ከተማውን ሁሉ ያስፈራል። በስተቀኛቸው ፋርሩህ የሚባል ወጣት መምህር የመልሱን ወረቀት ይዟል። ሦስተኛዋ ሴት መዝገብ ይጽፋሉ። ሳዮራ ካርድ ሳበች። አሥራ ዘጠኝ።

ደስታዋን መሸሸግ አቅቷት ወደ ጥጉ ወንበር ሄደች። ሃያ ደቂቃ መዘጋጃ አላት። ካርዱን ገልብጣ ስታየው ግን ደስታዋን ውኃ በላው። የምታውቀው ጥያቄ አልነበረም። የድሮው (x−3)ⁿ/(n·2ⁿ) እያለ ያለ ማብቂያ የሚደመር ነበር። ይኸኛው ግን (−1)ⁿ(x−3)²ⁿ/(n·4ⁿ) ይላል። መልሱ በየመንደሩ እንደተዳረሰ ሰምቶ ኖሮ የተቋሙ የሒሳብ ትምህርት ክፍል በመኸር ቀይሮታል። የተጠየቀው ያው ነው፤ ድምሩ ወደ አንድ ቁጥር የሚሰበሰበው x በምን መሐል ሲሆን ነው፣ ጫፎቹ ላይስ ምን ይሆናል።

መጀመሪያ የሸመደደችውን ቀመር ይዛ የ4ⁿን ብቻ አይታ ራዲየሱን፣ ማለትም ከመሐሉ እስከ ጫፉ ያለውን ርቀት፣ አራት ብላ ጻፈች። ከዚያ ሐሞቷ ፈሰሰ፤ የx−3 ኃይል በእጥፍ ነው እኮ የሚያድገው። ሰርዛ እንደገና ጀመረች። ተከታዩን ተደማሪ በፊተኛው አካፈለች፤ ምልክቱን ትታ መጠኑን ብቻ ስታይ n ሲያድግ (x−3)²/4 ቀረ። እሱ ከአንድ ማነስ አለበት። ስለዚህ x ከሦስት ያለው ርቀት ከሁለት ያንሳል፤ ራዲየሱ ሁለት፣ መሐሉ ሦስት፣ ከአንድ እስከ አምስት። እስካሁን ከድሮው ጋር አንድ ነው፤ ትንሽ ተነፈሰች።

ጫፎቹ ቀሩ። እዚያ ያ ስሌት ልኩ አንድ ስለሚሆን ምንም አይናገርም፤ እያንዳንዱን ለብቻ መተካት ግድ ነው። አምስትን ስትተካ የሁለት ኃይል 2n አራት ኃይል n ሆኖ ከታቹ ጋር ተጣፋ፣ (−1)ⁿ/n ቀረ። ምልክቱ ይፈራረቃል፣ መጠኑ እያነሰ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ ይሰበሰባል። አንድን ስትተካ የሚመጣው ሲቀነስ ሁለት ነው፤ ግን 2n ምንጊዜም ተጋማሽ ቁጥር ስለሆነ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋና ያው (−1)ⁿ/n ይወጣል። ሁለቱም ይገባሉ ማለት ነው። አምስትም ይገባል።

ፈራች። ኮሪደሩ ሁሉ ይቀራል የሚለው አምስት እንዴት ይገባል? ሦስት ጊዜ ደግማ ሠራችው፣ ሦስቴም ገባ።

ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ተነሥታ መምህራኑ ፊት ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። መጨረሻ ላይ አንድንም አምስትንም የሚያካትት ማዕዘን ቅንፍ ዘጋች። ፋርሩህ የመልሱን ወረቀት አየና ለቱራኩሎቭ በጆሯቸው ሹክ አላቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን ተቀበሉ።

«ወረቀቱ አምስት አይገባም ይላል» አሉ ቀስ ብለው።

ሳዮራ ያስተማረችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ዓይኗ ላይ ዞሩ። ክፍሉ፣ ምድጃው፣ ጣታቸውን የሚቀስሩት ልጆች። ቅድም ሦስቴ የሠራችው ከራሷ ጠፋ። እኔ ማን ነኝና ከወረቀቱ ጋር እከራከራለሁ አለች በሆዷ፤ ይኼ ደግሞ ሁለቴ የወደቀ ሰው ሐሳብ ነው። ጨርቁን አንስታ በአምስት በኩል ያለውን ማዕዘን ቅንፍ አጠፋች፣ በቦታውም አምስትን የማያካትተውን ክብ ቅንፍ ጻፈች።

ቱራኩሎቭ ግን ወረቀቱን ትተው ሰሌዳውን ያዩ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየሠሩት ነበር።

«ለምን አጠፋሽው፣ ልጄ?»

«እርስዎ ስላሉኝ፣ መምህር።»

«እኔ ወረቀቱ የሚለውን ነው ያነበብኩልሽ። አምስት ላይ ምን አገኘሽ?»

«(−1)ⁿ/n።»

«ይበተናል?»

«አይበተንም፤ ይሰበሰባል። ምልክቱ ባይፈራረቅ ነበር የሚበተነው።»

«እንግዲያው ያረጋገጥሽውን መልሺው።»

ክቡን ቅንፍ አጥፍታ ማዕዘኑን መለሰች፤ ጠመኔው ሁለቴ ተሰበረባት። ሽማግሌው ወደ ፋርሩህ ዞረው ጥያቄው ሲቀየር መልሱን ማን አየው ብለው ጠየቁ። ወጣቱ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ማንም አላየውም አለ፤ ጥያቄውን የቀየረው ራሱ እንደሆነና ራዲየሱ ያው ሁለት ስለወጣለት ጫፎቹን ሳይነካ የድሮውን መልስ እንደተወው ተናገረ። ቱራኩሎቭ ወረቀቱ ላይ መልሱን በብዕር ሰርዘው ትክክለኛውን ጻፉ፣ ቀጥሎም ከሳዮራ በፊት ይህ ካርድ የደረሰው ሰው ካለ ስሙን ጻፍልኝ አሉት።

ከዚያ የነጥብ ደብተሯን ሳቡ። ከፍተኛው አምስት ነው፤ ሦስት ያሳልፋል። ሦስት ብለው ፈረሙ።

«ሥራሽ የአምስት ነው» አሉ ደብተሩን ሲመልሱላት። «ሁለቱን የቀነስኩት ስላጠፋሽው ነው። ነገ ክፍልሽ ውስጥ አንድ ልጅ ልክ ሆኖ ሳለ አንቺ ተሳስተሽ ብታፈጥጪበት እንዲያጠፋ ትፈልጊያለሽ?»

ሳዮራ ደብተሩን ተቀበለች። አልፋለች፤ ዲፕሎማው የእሷ ነው፣ ክፍሉም የእሷ ነው። አመስግና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ከበቧት፤ የትኛው ደረሰሽ፣ አለፍሽ ወይ አሏት። አዎ አለፍኩ አለች። ሹፌሩ ደስ ብሎት ትከሻዋን መታ አደረጋትና ስንት አመጣሽ አላት። ደብተሩን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንባዋን ገታችው እንጂ ያቺ ሦስት ከሁለቱም ውድቀቶቿ በላይ አመመቻት።