አራተኛው ውሳኔ

ስምረት ሕልመኛ ናት። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አብረን ስላደግን የማውቀውን ነው። ባጃጅ ተሳፍራ መውረጃዋን የምታልፍ፣ ሻይዋን ስኳር ሳትጨምር ደጋግማ የምታማስል ሰው ናት። አያቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሷም የባቡር ድምፅ የሰማች እየመሰላት ወሬ መሃል ቆም ትላለች። እንዲህ ያለች ሴት የቢሯችን የስብሰባ ጸሐፊ ሆነች ብል ማን ያምነኛል? ግን ከእሷ የሚሻል አልነበረንም።

ቢሯችን የገጠር ቀበሌዎችን የውሃ ጉድጓድ የሚጠግን ትንሽ ድርጅት ነው። እኔ ሒሳብ ክፍል ነኝ። ስምረት ከመምጣቷ በፊት ስብሰባችን ደስ የሚል ነበር። እንነጋገራለን፣ እንስማማለን፣ «ይታያል» ተባብለን እንነሳለን። ማን እንደሚያየው ግን አይታወቅም። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይደለምና በሚቀጥለው ወር ያንኑ ነገር እንደ አዲስ እንነጋገራለን።

እሷ ስትመጣ ስብሰባው ባለቀበት ቀን ለሁላችንም ኢሜይል መላክ ጀመረች። የተወሰነው በተራ ይጻፋል። ከእያንዳንዱ ጎን የአንድ ሰው ስም አለ፤ የክፍል ስም አይደለም፣ የሰው ስም። ከስሙ ጎን ሥራው የሚያልቅበት ቀን። ሳይወሰን የቀረው ከታች ለብቻው ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ታክላለች፦ «የተሳሳትኩት ካለ እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ንገሩኝ፤ ዝም ካላችሁ እንደተስማማችሁ እቆጥረዋለሁ።» መጀመሪያ ላይ ተናደድን። ስምን ከቀን ጋር አብሮ ማየት ያስደነግጣል። ቆይቶ ግን ሥራ መሠራት ጀመረ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ።

የግንቦቱ ስብሰባ የተደረገው ሙቀቱ ሰውን በሚያፈዝበት ሰዓት፣ ከምሳ በፊት ነው። የጀልዴሳ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ተወካይ ሃዎ መጥታ ነበር። የፓምፓቸው መቆጣጠሪያ ሳጥን ተቃጥሎ ሴቶቹ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ እየጫሩ ውሃ እንደሚቀዱ ነገረችን። በአማርኛ ጀመረች፤ ሲብስባት ወደ ሶማሊኛ ገባች፤ ማንም አስተርጉሙልኝ አላለም። ቴክኒሻናችን ዐብዲናሲር መለዋወጫው ሳጥን መጋዘን ውስጥ እንዳለ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይፈ ሚካኤል «ይሄማ...» ብለው ሲጀምሩ ስልካቸው ጮኸና ወጡ። ሲመለሱ ስለ ሌላ ቀበሌ፣ ስለ ሁርሶ ቧንቧ አነሱ። በዚያው ተነሣን።

ከምሳ በኋላ ድሬ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ሥር ይቆማል፣ ከተማዋ በሙሉ አይኗን የከደነች ይመስላል። ስምረት ግን ባዶው ቢሮ ውስጥ ኢሜይሏን ትጽፍ ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ የኒሙ ዛፍ ጥላ ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል፣ ማራገቢያው ያጉረመርማል፣ እሷ ደግሞ ከማራገቢያው ድምፅ ውስጥ ውሃ ይሰማታል። ከቧንቧ የሚወርድ፣ ጀሪካን የሚሞላ ውሃ። ሃዎ ጀሪካኑ ላይ ጎንበስ ብላ ታያታለች። እንዲያ ሆና ጻፈች፦ «አራተኛ፦ የጀልዴሳ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን ይቀየራል። ኃላፊ፦ ዐብዲናሲር። እስከ ግንቦት ሃያ።» ላከችው።

የማግስቱ ምሳ ሰዓት አለፈ። አንድም ሰው አልተቃወመም። እንዲያውም አቶ ሰይፈ ሚካኤል እኔ ፊት «ያን ዕለት ቆርጬ ነው የወሰንኩት» ብለው ኮሩ፤ እኔም ትዝ ይለኛል ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ዐብዲናሲር ሳጥኑን ከመጋዘን አውጥቶ ፈተሸው። ሃዎ ኢሜይል ስለሌላት ስምረት ከስብሰባ በኋላ ሁሌም በስልክ ታነብላታለች፤ ያን ቀንም አነበበችላት። ሃዎም ለሴቶቹ ነገረች።

ቀኑ ሲቃረብ ስምረት ማስታወሻ ልትልክ ፈልጋ በስብሰባው ላይ በእጇ የጫረችውን ወረቀት ገለጠች። ከጀልዴሳ ጎን «ሃዎ ተናገረች» የሚል አለ። ከእሱ ቀጥሎ የተሳለች አንዲት የውሃ ጠብታ። ውሳኔ የለም።

ፊቷ አመድ መስሎ ወደ እኔ መጣች። ነገሩን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደነገጥኩ። ምክር ሰጠኋት፤ አሁንም መጥፎ ምክር ነበር አልልም። ዝምታ ወርቅ ነው፣ ሥራው ደግ ነው፣ ሁሉም አምኖበታል፣ አቶ ሰይፈ ሚካኤል ራሳቸው ኮርተውበታል አልኳት። ሴቶቹም ውሃ ያገኛሉ።

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ «ዐብዲናሲር ሳጥኑን ያወጣው እኔ የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው» አለችኝ። «አንድ ጊዜ ካልሆነ፣ የሚቀጥለውን ለምን ያምኑታል? ያኔ ሃዎ ወደ ድሮው ‹ይታያል› ተመለሰች ማለት ነው።»

ተቀምጣ ያንኑ ኢሜይል ከፍታ ለሁሉም መለሰች፦ «እርማት። አራተኛው ነጥብ በስብሰባው አልተወሰነም። ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። እንደተወሰነ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። ነጥቡን ወደ ‹ያልተወሰኑ› አውርጄዋለሁ። አቶ ሰይፈ ሚካኤል ውሳኔ እንዲሰጡበት እጠይቃለሁ።» ላከችው። እኔም ፈራሁላት።

አቶ ሰይፈ ሚካኤል አስጠሯት። በሩ ክፍት ነበርና ሰማሁ። ብዙ አልተቆጡም፤ ይልቅ የተቆጡት በራሳቸው ነው። «ስወስን ትዝ ይለኛል እኮ» እያሉ ደጋገሙ። ከዚያ ፊቷ ቀላ እስኪል ድረስ ስለ ጥንቃቄ መከሯት። ቀጥለው የመኪናውን መርሐ ግብር አስመጡና ግንቦት ሃያን በጣታቸው ፈለጉ። ያለችን አንድ መኪና ናት፤ እሷም በዚያው ሳምንት ለሁርሶ ተይዛለች። ዐብዲናሲር በግንቦት ሃያ ሳጥኑን ታቅፎ መንገድ ላይ ሊቆም ነበር። ቀኑ በሕልም የተቆረጠ ነዋ፣ መኪና የጠየቀለት የለም።

ከሰዓት በኋላ የእሳቸው መልስ ለሁላችንም ደረሰ። አሁን በእውነት ተወስኗል፦ ሳጥኑ ይቀየራል፣ ኃላፊ ዐብዲናሲር፣ እስከ ሰኔ ሦስት፣ መኪናዋ ከሁርሶ ስትመለስ። ዐብዲናሲር ከሥሩ «ተቀብያለሁ» ብሎ ጻፈ።

የቀረው ሃዎ ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሴቶቹ ግንቦት ሃያን እየጠበቁ ነው። ስምረት ስልኩን ይዛ ወደ ኒሙ ጥላ ወጣች፤ እኔም ብቻዋን አልተውኳትም። አንዱንም አልደበቀችም። ቀኑን ማንም እንዳልቆረጠው፣ እሷ እንዳለመችው፣ አሁን ግን የተወሰነው ሰኔ ሦስት እንደሆነ ነገረቻት። ከወዲያ ማዶ ፍየል ሲጮህ ይሰማል። ስምረት አይኗን ጨፈነች።

«አባዮ» አለች ሃዎ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ቀን ሲያልፍብን ይሄ የመጀመሪያው አይደለም ወላሂ። ቀኑ ተቀየረ ብሎ የሚደውልልን ሰው ግን እስከ ዛሬ አልነበረንም።» ቀጥላም ጠየቀች፦ «ስሙስ? አሁንም ዐብዲናሲር ነው?»

«ነው» አለች ስምረት።

«በቃ፣ እነግራቸዋለሁ።»

ስምረት ስልኩን ዘግታ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ አቶ ሰይፈ ሚካኤል ስብሰባ ሳይበተን «ስምረት፣ አንብቢልን» ይላሉ፤ እያንዳንዱ ስሙንና ቀኑን በጆሮው ሰምቶ ነው የሚነሣው። ሰኔ ሦስት ዕለት፣ ከተማዋ በተኛችበት ሰዓት፣ ዐብዲናሲር ከጀልዴሳ በስልኩ ለሁላችንም ኢሜይል ላከ። ያለችው አንዲት ቃል ናት፦ «ተፈጸመ።» ስምረት ብዙ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ይሄንንም አልማው እንዳይሆን የፈራች ይመስል ወንበሯን ወደ እኔ ዞር አድርጋ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«አንተም ጋ ገብቷል?»

ገብቷል አልኳት።