ሁለተኛ ማርሹ ይተፋል

ሞተሬን ለመሸጥ የወሰንኩት ቆቦ ላይ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ እንድከፍት ፈቃድ ባገኘሁ ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ሙሉ የክትባት ሳጥኔን ከኋላዬ አስሬ በቆላው ቀበሌዎች ስዞር ኖሬያለሁ። ዛሬ የአንዱን ላም፣ ነገ የሌላውን ግመል እያከምኩ፣ ክረምት በጭቃ፣ በጋ በአቧራ። ሱቅ ከከፈትኩ ግን ገበሬው ራሱ ይመጣልኛል፤ መደርደሪያውንና ማቀዝቀዣውን የምገዛው ደግሞ በሞተሯ ዋጋ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ገበያው ጥግ ወደሚቀመጠው ደላላ ነው። ሞተሯን ዞር ዞር ብሎ አያትና ቆጣሪው ላይ ጎንበስ አለ።

«ይሄማ በዛ እህቴ። አንድ ልጅ አለ፣ ቆጣሪውን ወደ ሃያ ሺህ ይመልስልሻል። ቀለም እናስነካታለን። ሌላውን ለእኔ ተይው።»

«ዳገት ላይ ከገባበት እየወጣ የሚተፋው ሁለተኛ ማርሹስ?»

«እሱን ማን ጠየቀሽ? ገዢ ሲሞክራት በሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ አይተፋም።»

ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። እኔም ስገዛት በሜዳ ነበር የሞከርኳት። የሸጠልኝ ሰው ሊብሬው በሌላ ሰው ስም መሆኑን ሳይነግረኝ ነው ያስረከበኝ። የመጀመሪያውን ባለቤት ወልዲያ ድረስ ፈልጌ፣ ለምኜ፣ ስሙን እስካዛውር ድረስ ትራፊክ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር። ያንን ፍርሃት ለሌላ ሰው ማውረስ አልፈለግሁም።

ቤቴ ገብቼ ሰው ሁሉ ዕቃ በሚሸጥበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ይህን ጻፍኩ፦

«የሚሸጥ ሞተር ሳይክል፤ የህንድ ሥሪት፣ ቀይ። ቆጣሪው 48,700 ኪሎ ሜትር ይላል። የቆጣሪው ገመድ ተበጥሶ ስምንት ወር ያህል ሳይቆጥር ስለነዳሁት፣ እውነተኛው በእኔ ግምት ከ56 ሺህ አያንስም። ስገዛው 12 ሺህ ይል ነበር፤ ለዚያ ግን ማረጋገጫ የለኝም። ዘይት በየሁለት ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ ቆጣሪው በቆመበት ጊዜ ደግሞ በየወሩ ቀይሬያለሁ። አምና ካቴናው ከነጥርሶቹ፣ የፍሪሲዮን ሸራውና የፊት ጎማው አዲስ ሆነዋል፤ የእነዚህ ደረሰኝ አለ፣ ከዚያ በፊት የተሠራው ደረሰኝ የለውም። ሊብሬው በስሜ ነው፤ ሦስተኛ ባለቤት ነኝ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ቦሎውና መድኑ የዘንድሮ ነው፤ ዕዳና እገዳ የለበትም። ጉድለቱ፦ ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛ ሁለተኛ ማርሹ ይተፋል። ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ አለው፤ ዘይት በመጠኑ ይበላል። የኋላው ግራ ፍሬቻ የለም። የነዳጅ ማሳያው አይሠራም። ግመል መንገድ ላይ ገብቶብኝ ወድቄ ታንከሩ በቀኝ በኩል ተጎድቷል፤ አያፈስም። ስም ሳይዛወር አልሸጥም።» ከሥሩ የማርሹንና የፍሬቻውን ማሠሪያ ቀንሼ ዋጋውን ጻፍኩ።

ሳቁ ወዲያው ጀመረ። አንዱ «ሞተር ነው ወይስ ታማሚ?» አለ። ሌላው «ይማርልሽ» ብሎ ጻፈ። ደላላው ደወለልኝ።

«ምን ነካሽ? የራስሽን ገበያ በራስሽ እጅ? አጥፊው!»

አላጠፋሁትም። ግን የደወሉት ጥቂቶች ዋጋውን ግማሽ ሊያደርጉት የሚፈልጉ ነበሩ። አንድ ብቻ የጠየቅሁትን ሙሉ ዋጋ እከፍላለሁ አለ፤ ደስታዬ የቆየው እስኪጨርስ ድረስ ነው።

«ስም ማዛወሩን ተይው፤ ሊብሬውን ብቻ ስጪኝ።»

«ነገ ሰው ብትገጭ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ከነጭሷ ተቀመጪ» ብሎ ዘጋው።

የሱቁ ኪራይ ቀን እየቀረበ ነበር። ደላላው ጋ ልመለስ ይሆን እያልኩ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ደወሉ። ሮቢት ላይ ሽንኩርት የሚያለሙ አባወራ ናቸው። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። የሞተሯ ባለቤት ነሽ? ጽሑፉን ልጄ አነበበችልኝ። ድገሚው አልኳት፣ ደገመችው። ነገ በጠዋት እንመጣለን፤ አደራ፣ እስክንደርስ እንዳታስነሻት።»

ወዲያው ገባኝ፤ የሞቀ ሞተር ጭሱን ይደብቃል። ሰውየው ዋዛ አልነበሩም።

በማግስቱ ሦስት ሆነው መጡ፦ ሽማግሌው፣ አዋላጅ ነርስ የሆነችው ልጃቸውና ከሮቢት ያመጡት መካኒክ። ሞተሯ የምትገዛው ለልጅቷ ነበር፤ እናቶች ወዳሉበት ቀበሌ የምትደርሰው ባጃጅ ለምና ነው። መካኒኩ ሰላምታውን እንኳን በአጭሩ ጨርሶ እጁን በሞተሩ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው። ማስነሻዋን በእግሩ መታ፤ በሁለተኛው ተነሳች። ሰማያዊ ጭስ ወጣ፣ ጥቂት ቆይቶም ጠራ። የዘይቱን መጠን አየ፣ ቁጥሮቹን በጨርቅ ወልውሎ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳከረ። ከዚያ ሽማግሌውን ከኋላው ጭኖ ወደ ዳገቱ ወጣ።

እኔና ልጅቷ በር ላይ ቆመን ቀረን።

«ጎረቤቶቼ በጽሑፍሽ ሲስቁ ነበር» አለችኝ። «አባቴ ግን ‹ጉድለቱን የነገረኝን ሰው፣ ደህና ነው ሲለኝም አምነዋለሁ› አለ።»

ሲመለሱ ሽማግሌው ፈገግ ብለዋል።

«ተፋው ልጄ! ልክ እንዳልሽው ዳገቱ ወገብ ላይ ተፋው።»

በሕይወቴ የሞተሬ ጉድለት አስደስቶኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ደስ አለኝ። መካኒኩ ገና አልጨረሰም ነበር። ከሥር ተኝቶ ሲያይ ቆየና ጠራኝ። የኋላ መጫኛው ከሻንሲው ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች።

«ይቺን አልጻፍሻትም።»

ፊቴ ጋለ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ዳሰስኳት። የክትባት ሳጥኔ ክብደት ያመጣው ነው።

«አላየኋትም ነበር። መጫኛው ዛሬውኑ በእኔ ወጪ ይበየዳል» አልኩና ስልኬን አውጥቼ እዚያው ፊታቸው ማስታወቂያው ላይ ጨመርኳት።

ሽማግሌው መካኒኩን አዩት። መካኒኩ እጁን እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ብዙ ሞተር አይቻለሁ። ይቺ ልክ እንደተጻፈችው ናት። ማርሹን እኔ እሠራዋለሁ፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ።

ሽማግሌው ዋጋ አልተከራከሩኝም። «የማርሹንና የፍሬቻውን ማሠሪያ ቀድመሽ ከዋጋው ላይ አንስተሽዋል፤ ልጄ ከገበያው ጋር አስተያይታዋለች። አላህ ይባርክልሽ» አሉና እጄን ጨበጡ።

በብየዳው ማግስት ውሉን በሕጋዊ መንገድ አስመዘገብን፣ ከዕዳ ነፃ መሆኗን የሚያሳየው ክሊራንስ ወጣ፣ ስሙን ለማዛወር ቢሮ ሄድን። ሠራተኛው የእኔን ስም ሰርዞ የልጅቷን ስም ሲያሰፍር ቀና ብሎ፣ «ወረቀቱ ሁሉ ሙሉ ነው፤ እንዲህ ሆኖ የሚመጣልን ስንት አለ!» አለ። እኔ የወልዲያን መንገድ የተንከራተትኩበትን ጉዳይ እሷ ከምሳ በፊት ጨረሰች።

ወሬው ገበያው ላይ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ደላላው ከወንበሩ ተነስቶ ጠበቀኝ።

«በጠየቅሽው ዋጋ ሸጥሻት አሉ?»

«በጠየቅሁት።»

ጭንቅላቱን አከከ። «አንድ ሰማያዊ ሞተር አለችኝ፤ ወር ሙሉ ሰው አልነካትም። እስኪ እንዳንቺዋ አድርገሽ ጻፊልኝ።»

«ቆጣሪዋ ተመልሷል?»

ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተመልሷል።»

«መጀመሪያ እሱን እንጽፋለን» አልኩት። ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ስልኬን አውጥቼ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሀል ያቺ አዋላጅ ነርስ አባቷን ከኋላ አፈናጥጣ በገበያው መሀል አለፈች። ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ጥምጣማቸውን ይዘው በሌላው ለሁሉም ሰው ሰላምታ ይሰጣሉ። እኔን ሲያዩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ነዳጅ እንዳያልቅባት ታንከሩን ሞላነው! ማሳያው አይሠራም ብለሽ የለ!» አሉ። ገበያው ሳቀ። እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።