ጳጉሜን የረሳው መተግበሪያ

የእኔ የስህተት ሪፖርት ለኮምፒውተር ክለቡ ሁሉ በምሳሌነት እንደሚነበብ መምህራችን ሲነግሩኝ፣ በፍኖተ ሰላም አስፋልት ላይ ብቻዬን እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁ። የደስታዬ ግማሹ በቀል ነበር።

የተማሪዎች መመዝገቢያ መተግበሪያችን አንዳንዴ በድንገት ይዘጋል። ኮዱን ለጻፈው ልጅ ስነግረው፣ «አንቺዬ፣ ስልክሽ አርጅቷል፤ ጡረታ አውጪው» ብሎ በሰው ፊት አሳቀብኝ።

በዚያው ስልኬ መመዝገቤን ቀጠልሁ። ከቡሬ የመጣች ልጅ ስመዘግብ እንደገና ሲዘጋ ግን ነቃሁ፤ ልጅቱ የተወለደችው በጳጉሜን ነው። ቤት ገብቼ ደጋግሜ ሞከርሁና ኮዱን ለጻፈው ልጅ የስህተት ሪፖርት ጻፍሁለት፦

«አዲስ ተማሪ የሚለውን ክፈት። ልደት ላይ ቀን 3፣ ወር 13 ብለህ ሙላ። መዝግብ የሚለውን ስትነካው ይዘጋል። በራስህ ስልክ ሞክረው።»

መተግበሪያው ሲዘጋ ምክንያቱን የሚያሰፍርበትን ሎጉንም አያያዝሁ። አሥራ ሁለት ወሮች ብቻ ካሉበት ዝርዝር አሥራ ሦስተኛው እንደተጠየቀ፣ ከነፋይሉ ከነመስመር ቁጥሩ ያሳያል። ያንን የኮድ መስመር የጻፈው እሱ ነው።

በማግስቱ ክለቡ ውስጥ ሞከረው። ተዘጋበት።

«ያንተም አረጀ እንዴ?» አልሁት።

«እሺ በቃ፣ አስተካክለዋለሁ» አለ አቀርቅሮ።

አስተካከለውም። እናንተ በጳጉሜን የተወለዳችሁ ተማሪዎች፣ ቅዳሜ ክለባችን ኑና ተመዝገቡ። አንድ በአንድ የሚመዘግባችሁ እሱ ነው፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ።