ከምላሷ ሥር የተገኘው ክር

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ መርፌ የሚላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። መሬት ላይ ቁራጭ ጨርቅ ካዩ ሳያነሱት እህል ውሃ አይቀምሱም። ከሱቃቸው ጀርባ ሲመግቧት የከረሙትን ግራጫ የመንገድ ድመት ወደ ቤት ለማምጣት ሲቆርጡም ሥራቸው እንዲሁ የጠራ ነበር። ቤት ውስጥ ያረጀች ድመት ስላለች፣ እንግዳዋ በሐኪም እስክትታይና እስክትከተብ ለብቻዋ መቆየት ነበረባት። በሩ በደንብ የሚዘጋው ደግሞ የስፌት ክፍላቸው ብቻ ነው። ጠርገው ወለወሉት። ምግብና ውሃውን በአንድ ጥግ፣ የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሳህን በሌላው አኖሩ፤ መደበቂያ እንዲሆናት ካርቶን በጎኑ አስተኙላት። ኩራታቸው ለጉድ ነበር።

ግራጫዋ ድመት እንደመጣች ካርቶኑ ውስጥ ገብታ ቀረች። ምግቡን ትታ አስታወከች። «ፈርታ ነው፣ ትለምዳለች» አሉ። በማግስቱም ያው ስትሆን ልጃቸው፣ ድመት ሳትበላ መቆየት የለባትም ብላ ነዘነዘቻቸውና በመያዣ ሳጥን ወደ እንስሳት ሐኪም ይዘዋት ሄዱ።

ሐኪሙ መዘናት፤ ሙቀቷን ለካ፤ ጆሮዋን በመብራት አየ። ሆዷን ሲዳስስ ግን ፊቱ ተለወጠ። እትዬ መርፌ በፎጣ ጠቅልለው እንደያዟት አፏን ከፍቶ ከአገጯ ሥር በጣቱ ገፋ ሲያደርግ ምላሷ ተነሳ። ከሥሩ ቀይ ክር ተጠምጥሟል፤ ጫፉ ወደ ጉሮሮዋ ወርዷል።

እትዬ መርፌ ክው አሉ። ክሩን ያውቁታል፤ የጎረቤት ልጅ ቀሚስ የዘመዘሙበት ነው። ያን ሁሉ ሲጠርጉ የስፌት መኪናውን መርገጫ ሥር አላዩም። የተረፈ ክር ሲመዝ የኖረ እጃቸው ሳያስቡት ተዘረጋ።

«አይንኩት፣ እናቴ» አለ ሐኪሙ እጃቸውን ይዞ። «ሌላው ጫፍ አንጀቷ ውስጥ ነው። ከሳቡት አንጀቷን ይቆርጠዋል።»

ድመቷ ወዲያው ቀዶ ጥገና ገባች። እትዬ መርፌ «በገዛ እጄ ገደልኳት» እያሉ ኮሪደሩ ላይ ተንቆራጠጡ።

ተረፈች። ክትባቱ እስክትጠነክር ስለተላለፈ ወደዚያው ክፍል ተመለሰች፤ አሁን ግን የስፌት መኪናው ሳሎን ወጥቷል፣ ወለሉም በእጅ ተዳስሷል። እትዬ መርፌ በየቀኑ ገብተው ጎናቸውን ሰጥተው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። አያፈጡባትም፤ ዓይን ለዓይን ከተገጣጠሙም ቀስ ብለው ይጨፍናሉ። እሷ ከካርቶኑ ንቅንቅ አትልም። አልፈረዱባትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወጣች። እግራቸውን አሸተተች፤ ከዚያ ጭናቸው ላይ ወጣች። ትንፋሻቸውን እንደያዙ ቁልቁል አዩ። ቀሚሳቸው ላይ፣ አፏ አጠገብ፣ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል።

ብድግ ቢሉ ትበረግጋለች፤ ያን ሁሉ ቀን የጠበቁት ነገር ያከትማል። ቢዘገዩ ደግሞ ትውጠዋለች። እጃቸውን ወለሉን አስታክከው ቀስ አድርገው አመጡና ክሩን ጨበጡት።

ድመቷ ጡጫውን አሸተተች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን አሻሸችበት።